መብራት ሲሄድ ለመምህር የሚጻፍ ኢሜይል

«መብራት ጠፍቶብኝ ነው» የሚለውን የፕሮግራሚንግ መምህራን ስንቴ ሰምተውታል! እውነት ቢሆንም ብቻውን አያሳምንም። የሚያሳምነው ዝርዝሩ ነው።

የፕሮጀክቱ ማስረከቢያ ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ነው እንበል። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄዶ ሐሙስ ቀትር ላይ መጣ፤ የቤቱ ኢንተርኔት ግን ገና አልተመለሰም። ተማሪዋ ዓርብን ሳትጠብቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት በስልኳ እንዲህ ጻፈች፦

«መምህር፣ ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ቀትር በሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ኢንተርኔቱም እስካሁን እንደተቋረጠ ነው። የምዝገባው ገጽ ይሠራል፤ የክፍያው ይቀረኛል። ያለቀውን በስልኬ ዳታ ልኬዋለሁ። እስከ እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ቢፈቅዱልኝ አጠናቅቄ አስረክባለሁ።»

መምህሩ የተላከውን ከፍቶ ይህን ይጽፋል፦

```
git log --format="%ad %s"
```

ጊት ሥራን ኮምፒውተሩ ላይ ለመመዝገብ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወደ ሰርቨር ለመላክ ብቻ ነው። ስለዚህ መረቡ ቢቋረጥም እያንዳንዱ እርምጃ ከነሰዓቱ ይቀመጣል። የሰኞና የማክሰኞ ሥራ፣ ከዚያም እስከ ሐሙስ ያለው ባዶ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እርግጥ ሰዓቱ የሚወሰደው ከተማሪዋ ኮምፒውተር ስለሆነ ሊነካካ ይችላል፤ መምህሩም ይህን አያጣውም። መብራት በነበረበት ሰኞም መዝገቡ ባዶ ከሆነ ግን የሚመሰክረው በራሷ ላይ ነው።