የዩቲዩብ ገቢ ሲቆም፦ ቻናሉ ነው፣ ቪዲዮው ነው ወይስ ቢጫው ዶላር?

የዩቲዩብ ገቢው የቀነሰበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን ቪዲዮ ከፍቶ ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ይህ ግን ምንም አያረጋግጥም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የአገልግሎት ውሉን ሲያሻሽል፣ በገቢ መጋራት ፕሮግራሙ ውስጥ በሌሉ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ የማስገባት መብት ለራሱ ሰጥቷል፤ ለቻናሉ ባለቤት ምንም ሳይከፍል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ የወጣ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ሊታይ ይችላል። የፕሪሚየም ደንበኛ ደግሞ ገቢው በደንብ በሚሠራ ቪዲዮ ላይ እንኳ ማስታወቂያ አያይም።

እርግጠኛው መልስ ያለው YouTube Studio ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ተቀምጦ ቻናል የሚያዘጋጅ ሰው እናስብ። የወጥ አሠራር፣ የሠርግ ቀረጻና ስለ ጦርነት የሚወያይ ዝግጅት ይጭናል። በአንድ ወር ገቢው በግማሽ ወረደና «ቻናሌ ታገደ» አለ።

መጀመሪያ መክፈት ያለበት በግራ በኩል ያለውን Earn የሚለውን ገጽ ነው። የቻናሉ ገቢ በሙሉ ከቆመ እዚያው በግልጽ ይጻፍለታል፤ ኢሜይልም ይደርሰዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ያለ በቂ ለውጥ መልሶ መጫን ወይም እርስ በርሳቸው የማይለዩ ቪዲዮዎችን በገፍ ማውጣት ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ምንም ያልተጫነበት ቻናልም ገቢው ሊዘጋ ይችላል። ደንብ በመጣስ ከታገደ ይግባኝ ለማለት 21 ቀን አለው። ይግባኙ ካልተሳካ ወይም ካለፈው፣ እንደገና የሚያመለክተው ከእገዳው ከ90 ቀን በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንዱን ቪዲዮ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የሚመረመረው ቻናሉ በጠቅላላ ነውና።

የእኛ ሰው Earn ገጽ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ወደ Content ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ አጠገብ Monetization በሚለው ዓምድ ሥር ምልክት አለ። የወጡ ቪዲዮዎች አረንጓዴ ናቸው። የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ግን የኮፒራይት ክሌይም አለ፦ ከበስተጀርባ የተሰማውን ዘፈን ሥርዓቱ ለይቶታል፤ ገቢውም ወደ ዘፈኑ ባለመብት ይሄዳል። ክሌይም ስትራይክ አይደለም፤ ሌሎቹን ቪዲዮዎች አይነካም። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ እዚያው Studio ውስጥ ዘፈኑ ያለበትን ክፍል መቁረጥ፣ ድምፁን ማጥፋት ወይም በሌላ ሙዚቃ መተካት ይቻላል። መብቱ በእጁ ከሆነ ደግሞ ክሌይሙን ይቃወማል። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ከተቃወመ፣ ገንዘቡ ክሌይሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ክርክሩ እስኪያልቅ ይያዛል። ከዘገየ ገንዘቡ የሚያዘው ከተቃወመበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። ከሳሹ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ምልክቱ Off የሚል ከሆነ ደግሞ ማንም አልነካውም፤ ሲጭን ራሱ አላበራውም ማለት ነው።

የጦርነቱ ዝግጅት ላይ ያለው ቢጫ ዶላር ነው። ብዙዎችን የሚያምታታውም ይሄ ነው። ቢጫ ማለት ቪዲዮው ተከልክሏል ማለት ሳይሆን፣ ይዘቱ ለብዙ አስተዋዋቂዎች አይመችም ተብሎ ማስታወቂያው ተገድቧል ወይም ጨርሶ የለም ማለት ነው። የፕሪሚየም ደንበኞች ሲያዩት ግን ድርሻው ይመጣል። መጀመሪያ የሚወስነው ማሽን ነው፤ የደም ምስል፣ የሚያስደነግጥ ርዕስ ወይም የሽፋን ፎቶ ሊያስፈርድበት ይችላል። ባለቤቱ ፍርዱ ልክ አይደለም ካለ Request review የሚለውን ይጫንና ሰው ያየዋል። የዚያ ሰው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የማስታወቂያ ደንቡን ከቪዲዮው ጋር ማስተያየት ይበጀዋል፤ በንዴት የተጫነ ጥያቄ በር ይዘጋል።

እኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቢጫ ባየ ቁጥር ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደገና የሚጭን ሰው ነው። ያው ይዘት ያው ማሽን ላይ ይመለሳል፤ የተሰበሰበው ተመልካችና አስተያየት ግን ይጠፋል። ዜና ነክ ቪዲዮ አብዛኛውን ተመልካች የሚያገኘው በወጣ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ነገ አረንጓዴ ቢሆን የዛሬው ተመልካች አይመለስም። ስለዚህ ቪዲዮውን መጀመሪያ በ Private ጭኖ፣ ፍተሻው አልቆ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይፋ ማድረግ ይሻላል።

Earn ደህና ሆኖ፣ ቪዲዮዎቹም ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ባንክ ምንም ካልገባ፣ ጉዳዩ ከእነዚህ ከሦስቱም ውጭ ነው። ያኔ የሚታየው አድሴንስ ነው፤ አድራሻው ካልተረጋገጠ ወይም ሒሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ክፍያው አይለቀቅም።