ከ220 ቮልት ወደ 5 ቮልት፦ የፓወር ሰፕላይ ሥዕል እንዴት ይነበባል?

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ከሚያወርዳቸው የሌክቸር ፋይሎች መካከል ይህ ሥዕል የሌለበት ማግኘት ይከብዳል። በግራ በኩል 220 ቮልት፣ በቀኝ ጫፍ 5 ቮልት ተጽፎበታል፤ መሃል ላይ ደግሞ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ካሬ ይታያል፤ በየጎኑም አንድ አንድ ዳዮድ አለ። የሶኬትን ኃይል ለትናንሽ ዕቃዎች ወደሚስማማ 5 ቮልት ዲሲ የሚለውጥ ፓወር ሰፕላይ ነው። ብዙዎች እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሊያነቡት ይሞክሩና ካሬው ጋ ሲደርሱ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ከረንት ከምንጩ አንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጫፍ ካልተመለሰ ስለማይፈስ፣ ሥዕሉን የሚያነብ ሰው መመለሻውንም በጣቱ መከተል አለበት።

መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ አለ። ሁለቱ ጥቅልሎቹ በሽቦ አይገናኙም፤ ኃይሉ የሚሻገረው በብረቱ ውስጥ ባለው መግነጢስ ነው። ስለዚህ የሶኬቱ ከረንት በግራው ጥቅልል ዞሮ ወደ ሶኬቱ ይመለሳል፣ ከቀኙ ጥቅልል ደግሞ ሌላ ዙር ይጀምራል። ቀኙ ጥቅልል 9 ቮልት ይሰጣል እንበል። ይህ የኤሲ ውጤታማ መጠን ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ 12.7 ቮልት ያህል ይሆናል።

አሁን ካሬው። የላይኛውና የታችኛው ማዕዘን ከጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ጋር፣ የቀኙ ማዕዘን ከፖዘቲቩ መስመር፣ የግራው ከኔጋቲቩ ጋር ተያይዘዋል። የዳዮዶቹ ቀስቶች በሙሉ ወደ ቀኙ ማዕዘን አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ዳዮድም በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። የጥቅልሉ የላይኛው ጫፍ ፖዘቲቭ ሲሆን ከረንቱ በD1 ወደ ቀኙ ማዕዘን ይወጣል፣ በተጠቃሚው ዕቃ ውስጥ ያልፋል፣ በኔጋቲቩ መስመር ወደ ግራው ማዕዘን ይመጣል፣ በD3 በኩል ወደ ጥቅልሉ ታችኛ ጫፍ ይመለሳል። ከመቶኛ ሰከንድ በኋላ ጫፎቹ ሲገለበጡ በD2 ወጥቶ በD4 ይመለሳል። ጥቅልሉ ውስጥ አቅጣጫው ተቀይሯል፤ ዕቃው ውስጥ ግን አልተቀየረም። የሥዕሉ ብልሃት ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ዋጋም አለው፦ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ዳዮዶች ስለሚታለፉ 1.4 ቮልት ያህል ይቀነስና ጫፉ 11.3 ቮልት ይሆናል።

ከካሬው የሚወጣው ቮልቴጅ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ የሚወርድ ጉብታ ነው። C1 የተባለው 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ውሃ በመጣ ሰዓት እንደሚሞላ ሮቶ ጉብታው ሲወጣ ይሞላል፣ ሲወርድ ለዕቃው ያካፍላል። ዕቃው 0.3 አምፔር የሚስብ ከሆነ በሁለት ጉብታዎች መካከል በግምት 3 ቮልት ይወርዳል፤ ማለትም ከ11.3 ወደ 8.3። ቀጥሎ ያለው 7805 ሬጉሌተር ይህን ውጣ ውረድ ወደ ጽኑ 5 ቮልት ይቆርጠዋል፣ ትርፉንም በሙቀት መልክ ያስወጣል። ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ግን መግቢያው ላይ 7 ቮልት ያህል ይፈልጋል።

D3 ተቃጥሎ መንገዱ ቢዘጋስ? ከሁለቱ ዙሮች አንዱ ይቀራል፣ ካፓሲተሩም በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ይሞላል። የመጠበቂያው ጊዜ እጥፍ ስለሆነ መውረዱም እጥፍ ይሆናል፦ ከ11.3 ወደ 5.3። ያኔ 7805 በእያንዳንዱ ዙር ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከ7 ቮልት በታች ያገኛል፣ መውጫውም አብሮ ይጎድላል። አሳሳቹ ነገር መልቲሜትር በዲሲ ሲለካው አማካዩን ስለሚያሳይ ንባቡ ከ5 ብዙ አለመራቁ ነው፤ ሬዲዮው ግን ይጎረንናል፣ ሰርኪዩቱም ያለ ምክንያት እየጠፋ ይነሣል። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቀይሮ C1 ላይ መለካት ውጣ ውረዱ መብዛቱን ያሳያል።

ያረጀ ካፓሲተርም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው፣ ለመለየት ኃይሉን ነቅሎ፣ C1 ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ዳዮዶቹን መፈተሽ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሥዕሉን ያላየ ሰው ይሳሳታል። D3 እና D4 ሁለቱም ከግራው ማዕዘን ይነሣሉ፤ ሌሎቹ ጫፎቻቸውም ለመልቲሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ በሚመስለው በትራንስፎርመሩ ጥቅልል ይገናኛሉ። ስለዚህ የተቃጠለው D3 ሲለካ ጤነኛው D4 ይመልስለታል፣ ንባቡም ደህና ይመስላል። እውነተኛውን ለማየት ከጥቅልሉ ሁለት ሽቦዎች አንዱን ከካሬው መፍታት ግድ ነው።