ቀጠሮ ይለወጥልኝ፦ ግብር መሥሪያ ቤት በአጭር ቀን ሲጠራ የሚጻፍ ማመልከቻ

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አንድ መልእክተኛ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወደሚገኝ የግንባታ ዕቃ መደብር ይመጣል፤ መጥሪያ ሰጥቶ፣ አስፈርሞ ይሄዳል። መጥሪያው የመደብሩ ባለቤት ዓርብ ጠዋት 3፡00 ሰዓት በግንባር ቀርባ ስለ ግዥዎቿ እንድታስረዳ፣ የ2016 እና የ2017 የግብር ዘመን የግዥ ደረሰኞቿንም ይዛ እንድትመጣ ያዛል። በመካከሉ ያለው ቀን ሐሙስ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ደግሞ እናቷ ድል ጮራ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አላቸው፤ ከእሷ በቀር አስታማሚ የላቸውም። ሴትዮዋን ለምሳሌ ነው ያነሳናት። እዚህ የምናስተዋውቀው በዚያ ሐሙስ ልትጽፈው የሚገባትን የአንድ ገጽ ማመልከቻ ነው።

መጀመሪያ መጥሪያው ከየት ኃይል እንዳገኘ እንይ። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በአንቀጽ 65 ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር በጽሑፍ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጣል፦ መረጃ ስጡ፣ በተባለው ቀንና ቦታ ቀርባችሁ አስረዱ፣ በእጃችሁ ያለውን ሰነድ አቅርቡ። ትእዛዙ ግብር ዕዳ የሌለበትን ሰው ጭምር ይመለከታል፤ ስለ ሌላ ሰው የግብር ጉዳይ እንዲያስረዳ የሚጠራም አለ። ስለዚህ መጥሪያ መድረሱ ብቻውን ጥፋተኛ አያሰኝም። ያለ በቂ ምክንያት ዝም ብሎ መቅረት ግን ያስጠይቃል።

ከሦስቱ ትእዛዞች የትኛው እንደደረሰዎት ለይቶ ማወቅ የማመልከቻው መሠረት ነው። ብዙ ሰው መጥሪያውን እንደ አንድ ጥያቄ ያነበውና «ሁሉም ይራዘምልኝ» ብሎ ይጽፋል። የነጋዴዋን ጉዳይ ብንፈትሸው ግን ዓርብ ጠዋት የማይቻለው የእሷ በአካል መገኘት ብቻ ነው። የ2017 ደረሰኞች መደብሯ ውስጥ በፋይል ታስረው ተቀምጠዋል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ዓርብ ማለዳ ሊያስረክባቸው ይችላል። የ2016ቶቹ ግን ከመጋዘን ወጥተው በየወሩ መለየት አለባቸው። እንግዲያው መጠየቅ ያለባት የሚቻለው በቀኑ እንዲፈጸም፣ የማይቻለው ብቻ እንዲዘገይ ነው። እንዲህ ከፋፍሎ የተጻፈ ማመልከቻ የሚያነበው ኃላፊ ጊዜ ለመግዛት የተጻፈ ነው ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት ያጣል።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማዋ ሁለት ግብር ሰብሳቢዎች አሏት፦ የአስተዳደሩ ገቢዎች ባለሥልጣንና የፌዴራሉ ገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ። አዋጁ ሥልጣኑን ለፌዴራሉም፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮች ግብር ሰብሳቢዎችም ስለሰጠ ሁለቱም በዚሁ ሕግ ይጠራሉ። በአፍ «ገቢዎች ጠርቶኛል» ሲባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። መልሱ በመጥሪያው ራስጌ ላይ ነው፤ ማመልከቻው ለዚያው መሥሪያ ቤት፣ መጥሪያውን ለፈረመው ክፍል መጻፍ አለበት። ሐሙስ ጠዋት ለተሳሳተው መሥሪያ ቤት የገባ ወረቀት እስከ ዓርብ 3፡00 ሰዓት ትክክለኛው ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

ማመልከቻው ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ…………… (በመጥሪያው ራስጌ ላይ ያለው መሥሪያ ቤትና ክፍል)
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በግንባር እንድቀርብ የተሰጠኝ ቀጠሮ ወደ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ

በቁጥር ……… በኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. የተጻፈው መጥሪያ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10፡00 ሰዓት በመደብሬ ደርሶኛል። መጥሪያው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ቀርቤ እንዳስረዳና የ2016 እና የ2017 የግዥ ደረሰኞችን እንዳቀርብ ያዛል።

በዚያው ዕለት ጠዋት ወላጅ እናቴ በድል ጮራ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሲሆን አስታማሚያቸው እኔ ብቻ ነኝ። የሆስፒታሉ የቀጠሮ ካርድ ቅጂ ተያይዟል፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው 28/11/2025 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

የ2017 ደረሰኞችን የሂሳብ ሠራተኛዬ በተባለው ቀንና ሰዓት ያስረክባል። እኔ የ2016 ደረሰኞችን ይዤ ረቡዕ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በግንባር እንድቀርብ ይፈቀድልኝ ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስም፣ ፊርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ስልክ
አባሪ፦ የመጥሪያው ቅጂ 1 ገጽ፣ የቀጠሮ ካርድ ቅጂ 1 ገጽ

ከዚህ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ሁለቱ ቀኖች ናቸው። መጥሪያው የተጻፈው ኅዳር 11 ነው፤ በእጇ የገባው ኅዳር 17። ማስታወቂያው አጭር መሆኑን ለማሳየት «በቂ ጊዜ አልተሰጠኝም» ብሎ ማማረር አያስፈልግም፤ ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲጻፉ አንባቢው ራሱ ይቆጥራል። ለዚህ ግን የደረሰበት ቀን መረጋገጥ አለበት። መልእክተኛው ሲያስፈርም ከፊርማው አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጻፉ። ሠራተኛ ተቀብሎልዎት ከሆነም እሱ እንዲጽፍ ያድርጉ። አዋጁ ተቀባይ ሲጠፋ ወረቀቱ በር ላይ እንዲለጠፍም ስለሚፈቅድ፣ ሱቃቸውን ዘግተው የሰነበቱ ሰዎች ሲመለሱ ተለጥፎ ካገኙት ሳይነቅሉት በስልካቸው ፎቶ ቢያነሱት ይበጃቸዋል።

ሁለተኛው ነገር ምክንያቱ ነው። አንድ ምክንያት፣ ማስረጃ ካለው፣ ይበቃል። ነጋዴዋ የእናቷን ሕክምና ጠቅሳ ሳትረካ «በተጨማሪም ሙቀቱ፣ ገበያው፣ የሂሳብ ሠራተኛዬ መንገድ ላይ መሆኑ» እያለች ብትደረድር ዋናውን ታዳክመዋለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «መዝገቤ ገና ስላልተሟላ» የሚለው ነው። ደረሰኙን ፈልጎ ለመለየት ጊዜ መጠየቅና መዝገብ የለኝም ማለት እጅግ ይራራቃሉ፤ የኋለኛው በኦዲት ፋይሉ ውስጥ በራሷ ፊርማ የተቀመጠ ቃል ይሆናል። ደረሰኝ ያልቀረበለት ወጪ ውድቅ እንደሚደረግ ኦዲት የገባው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

አባሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ፣ የሐኪም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነውና፣ ፍሬ ነገሩን በማመልከቻው ውስጥ በአማርኛ ይግለጹ። በድሬዳዋ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መነጋገር የዕለት ተዕለት ነገር ቢሆንም፣ ከጅቡቲ በፈረንሳይኛ የመጣ ሰነድ የያዘ ነጋዴም ቢበዛ፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ሲገባ የሚነበበው በአማርኛ ነው። የቀን አቆጣጠሩንም ለዚሁ ነው በሁለቱም የጻፍነው። 28/11 የሚለውን ያየ ሠራተኛ ኅዳር 19 መሆኑን እንዲያሰላ መተው አይገባም።

ሦስተኛው አዲሱ ቀን ነው። «ለተወሰነ ጊዜ ይራዘምልኝ» የሚል ማመልከቻ ሥራውን ለኃላፊው መልሶ ይሰጣል፤ ቀን መፈለግ፣ መወሰን፣ እንደገና መጥራት አለበት። «ረቡዕ ኅዳር 24፣ 3፡00 ሰዓት» የሚለው ግን በጠርዙ ላይ «ተፈቅዷል» ተብሎ ሊፈረምበት ይችላል። ቀኑ ቅርብ ይሁን። ሦስት የሥራ ቀን መጠየቅ ሰው የሚረዳው ነገር ነው፤ አንድ ወር መጠየቅ ግን ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ከዚያ ወረቀቱ መሄድ ያለበት መዝገብ ቤት ነው። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ድርጅት ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት፣ ማኅተምም ይረፍበት። መዝገብ ቤት አንዱን ተቀብሎ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያኖርበታል። ያ ቅጂ ከእጅዎ አይውጣ። መጥሪያውን ለጻፈው ባለሙያ ስልክ ደውሎ መንገር ጨዋነት ነው፤ ፎቶውን በቴሌግራም መላክም አይከፋም። ነገር ግን ባለሙያው «ችግር የለም፣ ረቡዕ ይምጡ» ቢልዎትም የቃል መልሱ ፋይል ውስጥ የለም። በሳምንቱ ያ ባለሙያ ወደ ሌላ ቡድን ቢዛወር፣ የሚተካው ሰው የሚያየው «ተጠርቶ አልቀረበም» የሚለውን ብቻ ነው።

ማመልከቻው የማይሠራውንም ማወቅ ያሻል። ማመልከቻ ጥያቄ ነው፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የዓርቡ ቀጠሮ አልተነሳም። ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኛው ዓርብ ጠዋት ደረሰኙንና የገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዞ መገኘት አለበት። እሱ የሚሄደው ሰነድ ሊያስረክብና ማመልከቻው መግባቱን ሊያሳይ ነው። በእሷ ፈንታ ቃል እንዲሰጥ ከተፈለገ ሕጋዊ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ «በግንባር» የሚለው ቃል እሷን ራሷን የሚፈልግ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ወሰን ከዚህ ይብሳል። ሰዎች መጥሪያንና የግብር ውሳኔ ማስታወቂያን ያምታታሉ፤ ሁለቱም ራስጌና ማኅተም ያለው፣ ቀን የተቆረጠበት ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ላይ የተወሰነ የግብር መጠን ካለ የደረሰዎት ውሳኔ ነው። በውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ቀጠሮ ይለወጥልኝ የሚል ማመልከቻ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። የቅሬታውን ጊዜ ማራዘም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ 21 ቀኑ ሳያልቅ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ከአገር ውጭ መሆን፣ ሕመም ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ይጠየቅበታል፣ ቢፈቀድም ከ10 ቀን አያልፍም። መጥሪያ ነው ብሎ ቀጠሮ ሲያስለውጥ የሰነበተ ሰው ቅሬታ የማቅረቢያ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

የቀጠሮ ለውጥ ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መቅረብ ግድ ነው፤ ሰነዱ ባይሟላም ያለውን ይዞ። ሲያስረክቡ ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር ያሉ ደረሰኞችን እንደሰጡ በሁለት ቅጂ ይዘርዝሩ፣ የቀረው መቼ እንደሚቀርብ ከግርጌ ይጻፉ፣ አንዱን ቅጂ ተቀባዩን አስፈርመው ይዘው ይውጡ።