በአንዲት Y የሚፈርስ ጋብቻ

ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን ሁለት ጊዜ ተጋብተው ሁለት ጊዜ ተፋተዋል። የተዋደዱት ሮም ውስጥ «ክሊዮፓትራ» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ባለትዳር ነበሩ። በ1964 ሞንትሪያል ላይ ተጋቡ፤ በ1974 ተፋቱ። በ1975 ቦትስዋና ሄደው እንደገና ተጋቡና ዓመት ሳይሞላቸው በ1976 ዳግመኛ ተለያዩ (ዘመኑ በፈረንጆች ነው)። ኮከባቸው ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? የስም ቁጥር የሚቆጥሩት የኒውመሮሎጂ ሰዎች መልሱ ከስማቸው ይገኛል ስለሚሉ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩላቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። A 1 ይሆናል፣ B 2፣ እንዲያ እያለ I 9 ላይ ይደርሳል። J ተመልሶ ከ1 ይጀምርና R 9 ይሆናል፤ S ደግሞ ከ1 ተነሥቶ Z 8 ላይ ያበቃል። የሙሉ ስሙ ፊደላት ተደምረው አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ አሃዞቹ እርስ በርስ ይደመራሉ። ለምሳሌ 43 የመጣ እንደሆነ 4 እና 3 ተደምረው 7 ይሆናሉ። 11፣ 22 እና 33 ግን እንደ ልዩ ቁጥር ስለሚታዩ ብዙዎቹ ቆጣሪዎች ሳይቀንሱ ይተዉአቸዋል። ሁሉም ፊደል ተደምሮ የሚገኘው «የመገለጫ ቁጥር» ይባላል፤ የሰውየውን ተሰጥኦና በአደባባይ የሚታይ ጠባዩን ያሳያል ይላሉ። አናባቢዎቹ ብቻ፣ ማለትም A፣ E፣ I፣ O እና U፣ ተደምረው የሚገኘው ደግሞ «የነፍስ ፍላጎት ቁጥር» ነው፤ ሰውየው ለማንም ሳይናገር በልቡ የሚመኘውን ይገልጣል ይባላል። ፍቅረኞች ሲነጻጸሩ የመጀመሪያው ለኑሮ፣ ሁለተኛው ለልብ ለልብ መግባባት ይታያል።

ዘዴውን ለፒታጎረስ የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው። ፒታጎረስ ግን ግሪክኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ J እና W የሚባሉ ፊደላት በእሱ ዘመን አልተፈጠሩም። ዛሬ የምናየው መልክ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ወደ ጥንዶቹ እንመለስ። ሕጉ የሚያዘው በልደት ወረቀት ላይ ባለው ሙሉ ስም እንድንቆጥር ነው። የእሷ ELIZABETH ROSEMOND TAYLOR ነው። የእሱ ግን በርተን አይደለም፤ በርተን ያሳደገው መምህሩ ስም ነው፣ ሲወለድ RICHARD WALTER JENKINS ነበር።

```
ELIZABETH 43 + ROSEMOND 40 + TAYLOR 28 = 111 → 3
RICHARD 43 + WALTER 25 + JENKINS 28 = 96 → 15 → 6
```

እሷ 3፣ እሱ 6። በኒውመሮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ በሚገኘው ሰንጠረዥ ቁጥሮቹ በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ፦ 1፣ 5 እና 7 አንድ ወገን፣ 2፣ 4 እና 8 ሌላ ወገን፣ 3፣ 6 እና 9 ደግሞ ሦስተኛው። አንድ ወገን የሆኑ ይስማማሉ። 3 ተጫዋችና የመድረክ ሰው ነው፤ 6 ቤቱንና ቤተሰቡን የሚወድ። እንግዲህ ገጠሙ ማለት ነው።

አሁን የነፍስ ፍላጎታቸውን እንይ። የእሱ አናባቢዎች 30 ይመጣሉ፤ ስለዚህ 3 ነው። የእሷ ላይ ስንደርስ ግን Taylor የሚለው ስም መካከል አንዲት Y ቆማለች። Y አናባቢ ናት ወይስ ተነባቢ? አንዳንዱ ቆጣሪ ከጎኗ ሌላ አናባቢ ካለ አትቆጠርም ይላል፤ ሌላው አናባቢ ሆና ከተሰማች ትቆጠር ይላል። ሳትቆጠር 44 ይመጣና 8 ይሆናል፤ ከ3 ጋር ወገን ስላልሆነ በልባቸው አይግባቡም። ስትቆጠር 51 ይመጣና 6 ይሆናል፤ በልባቸው አንድ ናቸው። ያው ሴት፣ ያው ወንድ፣ ያው ስም።

አንዳንድ ቆጣሪ ደግሞ ሰው የሚታወቅበት ስም ነው ኃይል ያለው ይላል። በዚያ ከሄድን ELIZABETH TAYLOR 71 ሆና 8 ትወጣለች፤ RICHARD BURTON 70 ሆኖ 7 ይወጣል። አይገጥሙም። የነፍስ ፍላጎታቸውም Y ካልተቆጠረች 9 እና 1 ነው፤ እሱም አይገጥምም። በልደት ስማቸው Y ተቆጥራ ሁለቱም ቁጥራቸው የገጠመ ጥንዶች፣ በመድረክ ስማቸው Y ስትቀር በሁለቱም የማይገጥሙ ሆኑ። የሚያስቀው ደግሞ ሁለቱም መልስ ለእነሱ ልክ መሆኑ ነው፤ የተጋቡበትን ለሚያስረዳ አንዱ አለ፣ የተፋቱበትን ለሚያስረዳም ሌላው አለ። ታሪኩ አስቀድሞ ስለታወቀ ቆጣሪው የሚስማማውን ይመርጣል። ይህን የሚያደርገው ለማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መምረጡን እንኳ ልብ አይለውም።

ቁጥሮቹ ከነገሩን ይልቅ የወገኖቹ ብዛት ነገሩን ይገልጠዋል። ሦስት ወገን ብቻ ካለ፣ ከመንገድ የተገናኙ ሁለት እንግዶች የመገለጫ ቁጥራቸው የመግጠም ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። የነፍስ ፍላጎት ሲጨመር ቢያንስ በአንዱ የመግጠም ዕድላቸው ከዘጠኝ አምስት ይሆናል። የእሱን መገለጫ ከእሷ ነፍስ ፍላጎት ጋር፣ የእሷንም ከእሱ ጋር እያማታን ካየን (ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ) ከዘጠኝ ጥንዶች ሰባቱ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ለአዲስ ፍቅረኛ «የምትገጥሙበት ነገር አላችሁ» ማለት እንግዲህ ብዙ ድፍረት አይጠይቅም።

ለእኛ ሰው ነገሩ ሌላ ጣጣ አለው። በግዕዝ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተዋህዶ ስለሚጻፍ የነፍስ ፍላጎትን ነጥሎ ለመደመር ስሙ መጀመሪያ በላቲን መጻፍ አለበት። አጻጻፉ ደግሞ አንድ አይደለም። ፀሐይ የምትባል ሴት ፓስፖርቷ ላይ TSEHAY ከተባለች የመጠሪያ ስሟ 24 ሆኖ 6 ይወጣል፤ TSEHAI ከተባለች 26 ሆኖ 8 ይወጣል። 6 እና 8 ወገን አይደሉም። ፓስፖርቱን የሞላው ሠራተኛ በዚያን ቀን Y ወይም I መምታቱ የባሏን ዓይነት ወሰነላት ማለት ነው። የአባትና የአያት ስም ሲጨመር፣ ውጭ አገር ሄዳ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ የአባቷ ሲጣል፣ ቁጥሩ እንደገና ይለወጣል።

አገራችን የራሷ ስም ቆጠራ አላት። በዐውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም በፊደላቱ ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፍና ኮከቡ ይታወቃል። ቢያንስ እዚያ የሚቆጠረው ስሙ በተጠራበት ፊደል ነው፤ በትርጉም የመጣ ስም አይደለም። ይህን የምለው ትንቢቱን አምኜ ሳይሆን ለፊደሉ አዝኜ ነው።

ለጨዋታ መቆጠር ክፉ አይደለም። በቁጥሮቹ ሰበብ «አንቺ በልብሽ የምትመኚው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የቻለ ወንድ ካለ ጥቂት አተረፈ። ገንዘብ የሚያስከፍል ቆጣሪ ካጋጠማችሁ ግን ስለ ፍቅራችሁ አንዲት ቃል ሳትነግሩት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የትኛውን ስም ነው የምትቆጥረው? Y አናባቢ ናት ወይስ አይደለችም? መልሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርምበት፤ ከዚያ በኋላ ይቁጠር።