ከአመዱ በታች ያለው ማዕድ

ስለ ተቃጠለ ደን ለልጆች ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን ቶሎ እንጨርሰዋለን። እሳት መጣ፣ እንስሳቱ ሸሹ፣ ዓመታት አለፉ፣ ደኑም ተመልሶ ለመለመ። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ክፍሉም ያበቃል። በመካከሉ ያለው ግን ሳይነገር ይቀራል። ልጆች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እርሱኑ ነው፤ «ታዲያ ምን በሉ?»

ከዚህ በታች ያለው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚነገር ታሪክ ነው። ጢንዚዛዋንና ችግኟን ለልጆች በሚሆን መንገድ ብናቀርባቸውም፣ የሚደርስባቸው ነገር ሁሉ በእውነት የሚሆን ነው። ቦታው በአሜሪካ የሚገኘው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በጋ ዝናብ ጠፍቶ ደኑ እንደ ጭድ ደርቆ ሳለ እሳት ተነሣ፤ ከፓርኩ 36 ከመቶ የሚሆነውንም ነካ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቢረባረቡም ሊያጠፉት አልቻሉም። ያበረደው ሴፕቴምበር 11 ቀን የወረደው በረዶ ነው። (ቀኑ የእኛ የ1981 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር፤ ይህን ስትነግሯቸው ልጆች ቀኑን አይረሱትም።)

ታሪኩን እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ።

«ልጆች፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጢንዚዛ ነበረች። ሌሎቹ ከእሳቱ ሲሸሹ እርሷ ወደ እሳቱ በረረች! ሞኝ ናት ትላላችሁ? አይደለችም። በሆዷ በኩል፣ ከእግሮቿ አጠገብ፣ ሙቀት የሚለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏት። ጭሱንም በአንቴናዎቿ ታሸታለች። ዛፉ በሕይወት ሳለ ቅርፊቱን ሰርስሮ የሚገባውን ሁሉ በሙጫ ያሰጥመው ነበር። አሁን ግን ተቃጥሏልና ሙጫ የለውም። ስለዚህ ጢንዚዛዋ ገና ባልቀዘቀዘው ቅርፊት ሥር እንቁላሏን ጣለች።

«ከእንቁላሉ ነጭ እጭ ወጣ። እጩም ግንዱን እየበላ መንገድ ይሠራ ጀመር። እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ወፍራም እጮች በደረቀው ግንድ ውስጥ ነበሩ። ሰው ጆሮውን ወደ ግንዱ ቢያስጠጋ ሲያኝኩ ይሰማ ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጆቹ በጥፍራቸው አግዳሚ ወንበሩን ቀስ ብለው ይፋቁ። ያ ድምፅ ለሚቀጥለው እንግዳ የምሳ ደወል ነው።

«ግንደ ቆርቁር መጣ። ጀርባው እንደ ከሰል ጥቁር ስለሆነ በተቃጠለው ግንድ ላይ ሲቀመጥ ጭልፊት በቀላሉ አታየውም። ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ እጩን አወጣና በላው። ከዚያም ግንዱን ቦርቡሮ ጎጆ ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ያን ጎጆ ትቶ ሌላ ቦረቦረ። በተተወው ጎጆ ማን ገባ? ሰማያዊ ላባ ያላት ወፍ። ምንቃሯ ግንድ መቦርቦር አይችልም፤ ቤት የምታገኘው ሌላው ሠርቶ ሲተውላት ነው።»

እስካሁን ከመሬት በላይ ነበርን። ቀጥሎ ልጆቹን ወደ አፈሩ አውርዷቸው። በየሎውስቶን እሳቱ በአብዛኛው ቦታ አፈሩን ያቃጠለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ልጆቹ አውራ ጣታቸውን አጋድመው ስፋቱን ይመልከቱ፤ ጥልቀቱ ያን ያህል ነው። ከዚያ በታች ብዙ ሥሮች በሕይወት ነበሩ።

«በዚያ ደን የሚበዛው ዛፍ በአገራችን ፓቱላ ከምንለው ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው። ከፍሬዎቹ ብዙዎቹ በሙጫ ታሽገው ለዓመታት በቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። እሳቱ ሙጫውን ሲያቀልጠው ፍሬው ተከፈተ፤ ዘሩም በአመዱ ላይ በነነ። አይጦች ብዙውን ለቅመው በሉት። አንዲት ዘር ግን አመለጠችና በቀለች። ሥሯ ወደ ታች ሲወርድ ከፀጉር የቀጠነ ክር አገኘ። ክሩ የእንጉዳይ ነው። ክሩ ከአፈር ውስጥ ውሃና ምግብ አምጥቶ ለችግኟ ሰጣት፤ እርሷም በቅጠሏ የሠራችውን ስኳር አካፈለችው።

«ነገር ግን ዛፎቹ ሲሞቱ ክሩም በብዙ ቦታ ሞቶ ነበር። ታዲያ ማን መለሰው? እሳቱ ሁሉንም አልበላም፤ በየመካከሉ አረንጓዴ ደሴቶች ቀርተዋል። ሽኮኮዎችና አይጦች በዚያ እንጉዳይ በሉ። የእንጉዳዩ ዘር በሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም። ወደ አመዱ ሲሻገሩ በኩሳቸው ውስጥ ይዘውት ሄዱ።»

ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ከታሪኩ ሁሉ ለወላጆቻቸው የሚነግሩት ይህን ይሆናል።

ከታሪኩ በኋላ አንድ ድንክ ክር ብቻ የሚፈልግ ጨዋታ አለ። ለስምንት ልጆች ስም ስጧቸው፦ የተቃጠለ ግንድ፣ ጢንዚዛ፣ ግንደ ቆርቁር፣ ሰማያዊ ወፍ፣ አይጥ፣ እንጉዳይ፣ ችግኝ፣ ጭልፊት። ከሚመግበው ወደሚመገበው፣ ቤት ከሰጠው ወደ ወሰደው፣ ክሩን እያሳለፉ ይወጥሩት። ሁሉም ሲያያዙ «ግንዱ ሞቷል፣ ለምን ለማገዶ አንወስደውም?» ብላችሁ ጠይቁና ግንድ የሆነው ልጅ ክሩን ይልቀቅ። በመጀመሪያ የጢንዚዛዋ፣ ቀጥሎ የግንደ ቆርቁሩ፣ በመጨረሻም የሰማያዊዋ ወፍ ክር ይላላል። ምንም የማይጠቅም የመሰለው የሞተ ግንድ ሦስት ቤተሰብ ይዞ እንደነበር እጃቸው ላይ ያዩታል።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ይህን የሰማ ልጅ «እንግዲያው እሳት ለደን ጥሩ ነው» ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ከክብሪት ጋር ደግሞ ይህ አሳብ አደገኛ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የደረሰውን ቃጠሎ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በባሌ ከፍታ ላይ ያለው አስታ ቢቃጠል ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዝቅ ብሎ ያለው እርጥቡ የሐረና ደን ግን እሳትን የለመደ አይደለም፤ በሙጫ ያሸገው ዘርም የለውም። እሳት የለመደው ደን ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በየሎውስቶን አካባቢ የተነሣው እሳት ከ1988ቱ ቃጠሎ በኋላ የበቀሉትን 28 ዓመት የሆናቸውን ዛፎች መልሶ ሲያቃጥል፣ በቅርንጫፍ ላይ የተከማቸው ዘር ገና ጥቂት ነበር፤ የበቀሉት ችግኞችም ከፊተኛው እጅግ ያነሱ ሆኑ። ልጆቹን «ዛፉ ዘሩን ሳያከማች እሳቱ ተመልሶ ቢመጣስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ከክፍሉ አንዱ «የሞቱት እንስሳትስ?» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም አመለጡ ብላችሁ አትሸፍኑት። ኤልክ ከሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ብቻ 345 ያህል ሞተዋል፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከዚያም ድቦችና ቁራዎች መጥተው ሥጋውን በሉ። የቀረውንም ጢንዚዛዎችና ትሎች ወሰዱት፤ ከእነርሱም የተረፈው ችግኟ ሥሯን ወደ ሰደደችበት አፈር ገባ።