«አልታየም» ማለት «ጤናማ ነው» ማለት አይደለም፤ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን በሆድ ሕመም ምርመራ

በድንገተኛ የሆድ ሕመም ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው በአብዛኛው በቅድሚያ የሚታዘዘው የምስል ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። ታማሚው ችግር እንዳልተገኘበት ሲነገረው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሁንና የምርመራው ወረቀት መሣሪያው ያየውን ብቻ ሳይሆን ማየት ያልቻለውንም ስለሚገልጽ፣ ሁለቱን ለይቶ አለማንበብ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የ34 ዓመት ዕድሜ ያለው የቢሮ ሠራተኛ ሰኞ ማታ እምብርቱ አካባቢ ሕመም ይጀምረዋል። የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ሕመሙ ወደ ታችኛው የቀኝ ሆዱ ይወርድና ሲራመድና ሲያስል ይብስበታል። በደም ምርመራ የነጭ ደም ሕዋሳቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ይገኛል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ደግሞ ጉበቱ፣ የሐሞት ከረጢቱና ኩላሊቶቹ ደህና ናቸው። በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ግን «በአንጀት ውስጥ ባለው ጋዝ ምክንያት ትርፍ አንጀት አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። የታማሚው ዕጣ የሚወሰነው ይህ ዓረፍተ ነገር በሚነበብበት መንገድ ነው።

አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን ወደ ምስል የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ድምፁ በፈሳሽና ለስላሳ በሆኑ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ጋዝና አጥንት ሲያጋጥመው ግን ይመለሳል። በመሆኑም ጋዝ ከሞላበት አንጀት በስተጀርባ ያለው ነገር ከባለሙያው ዓይን ይሰወራል። ወፍራም የሆድ ስብም ድምፁን ስለሚያዳክም ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ትርፍ አንጀትን በአልትራሳውንድ ለማየት የራዲዮሎጂ ባለሙያው መመርመሪያውን ሕመሙ በሚሰማበት ቦታ ላይ አድርጎ ቀስ በቀስ በመጫን ጋዙን ወደ ጎን ይገፋል። ይህ ዘዴ በሕክምናው ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ጤናማ ትርፍ አንጀት ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ የተቆጣው ግን አይጨፈለቅም፣ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ሆኖ ከታየ ምርመራው መልስ ሰጥቷል፣ ተጨማሪ ምስልም ላያስፈልግ ይችላል። ትርፍ አንጀቱ ከትልቁ አንጀት ኋላ ተደብቆ ከሆነ ወይም ባለሙያው በቂ ልምድ ከሌለው ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ይህ ሲሆን ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቷል እንጂ በሽታው የለም አልተባለም።

ሲቲ ስካን በተቃራኒው ጋዝ አያግደውም። መሣሪያው በታማሚው ዙሪያ እየተሽከረከረ የራጅ ጨረር ያሳልፍና ሆድን በስስ ቁራጮች ከፋፍሎ በሰከንዶች ውስጥ ያሳያል። በምሳሌው ላይ ለተጠቀሰው ታማሚ ሲቲ ስካን ቢታዘዝለት፣ ከትልቁ አንጀት ኋላ የተደበቀ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትርፍ አንጀት፣ በዙሪያው የተቆጣ ስብ፣ በአፉም ላይ የተወተፈ ደረቅ ሰገራ ሊታይ ይችላል። ምስሉ ትርፍ አንጀቱ ገና እንዳልፈነዳም ስለሚያመለክት ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ዕለት ሊወስን ይችላል።

ወረቀቱ «ደህና ነህ» ተብሎ ቢነበብ ግን ታማሚው ማስታገሻ ውጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ሊል ስለሚችል ተሽሎኛል ብሎ ያስባል። ከዚያም ሕመሙ መላ ሆዱን ያዳርሳል፣ ትኩሳት ይከተላል፣ ሆዱም ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድን የነበረው ሕመም ወደ ከባድ ሕክምና ይሸጋገራል።

ይህ ማለት ግን ሲቲ ስካን ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሆኖ ሐሞት ከተጠረጠረ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአልትራሳውንድ ነው። የሐሞት ጠጠር በአልትራሳውንድ ጥላ ጥሎ፣ ታማሚው ሲገላበጥም አብሮ ሲንቀሳቀስ በግልጽ ይታያል። አንዳንድ የሐሞት ጠጠሮች ግን ከሐሞቱ ፈሳሽ ጋር ስለሚመሳሰሉ በሲቲ ስካን ላይታዩ ይችላሉ። ለዚህ ምርመራ ታማሚው ለ6 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይበላ እንዲቀርብ የሚጠየቀው የሐሞት ከረጢቱ ሞልቶ እንዲታይ ነው።

ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች እንዲሁም ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ለሚጠረጠርባቸው ሴቶችም አልትራሳውንድ ይቀድማል። ጨረር የለውም፣ አልጋው ድረስ ይመጣል፣ በየሰዓቱም ሊደገም ይችላል። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ያለና የደም ግፊቱ የወረደ ታማሚ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ሲጓጓዝ ሊሞት ስለሚችል፣ የፈሰሰውን ደም በአልጋው ላይ እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳየው ይኸው መሣሪያ ነው።

የሲቲ ስካን ተመራጭነት የሚጎላው አልትራሳውንድ በሚሸነፍበት ቦታ ነው። የአንጀት መበሳት፣ የአንጀት መዘጋትና በሽንት ቧንቧ መካከል የተሰነቀረ ጠጠር ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሆኖም በኢትዮጵያ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ የሆነው የአንጀት መጠምዘዝ ብዙውን ጊዜ በተራ የሆድ ራጅ ስለሚለይ፣ ታማሚውን ለሲቲ ስካን ብቻ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ውድ ጊዜ ሊያባክን ይችላል።

ሲቲ ስካን የራሱ ዋጋም አለው። አንድ የሆድ ምርመራ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ይሰጣል፤ ይህም አንድ ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው ከ3 እስከ 4 ዓመት ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ጉዳቱ ለአንድ ሰው አነስተኛ ቢሆንም ምርመራው ያለ በቂ ምክንያት እንዲደጋገም አይመከርም። ምስሉን ለማጥራት በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒትም አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ እንዲሁም ኩላሊታቸው ለተጎዳ ሰዎች ጥንቃቄ ስለሚያስፈልገው፣ ታማሚው ያለበትን የኩላሊት ችግርና ቀደም ሲል የገጠመውን አለርጂ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ሲቲ ስካን በማይገኝበት ሆስፒታልም መፍትሔ አይጠፋም። ሐኪሙ ታማሚውን ወደ ቤት ከመላክ ይልቅ አስተኝቶ በየጥቂት ሰዓቱ ሆዱን በእጁ ይመረምራል፣ የደም ምርመራውንና አልትራሳውንዱንም ይደግማል። ሕመሙና የሆዱ መጠንከር እየጨመረ ከሄደ ያለ ሲቲ ስካንም ለቀዶ ሕክምና ሊወስን ይችላል።

በመሆኑም የምርመራ ውጤት የተቀበለ ሰው ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ የተጠረጠረው የሰውነት ክፍል በግልጽ ታይቷል ወይ? ካልታየስ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? ወደ ቤቱ የተመለሰ ታማሚም ሕመሙ ከበረታ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ፣ ሆዱ ከጠነከረ ወይም አየርና ሰገራ ማውጣት ካቃተው፣ የያዘው ወረቀት ምንም ቢል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት።