የበረዶ አትክልት በአቃቂ ድስት፤ ‹‹ሦስት ደቂቃ›› ለምን አይበቃም?

በነጋዴው አጠራር ‹‹ፍሮዝን›› የሚባለው የበረዶ አትክልት አይላጥም፣ አይታጠብም፣ አይከተፍም። በአቃቂና በቃሊቲ ለፋብሪካና ለመጋዘን ሠራተኞች ምሳ ለሚያቀርብ ክበብ ይህ የጉልበት ወጪ ቅነሳ ነው። ይሁን እንጂ አትክልቱ ላሽቆና ውኃ አዝሎ ከቀረበ ሰሃኑ እንዳለ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል። አንድ ክበብ 5 ኪሎውን በ250 ብር ሒሳብ ገዝቶ ከአሥር ሰሃን ሦስቱ ቢመለሱበት፣ ከ1,250 ብሩ 375 ብር ከቆሻሻ ጋር ተጣለ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ ብዙ ጊዜ ተወቃሹ ዕቃው ቢሆንም፣ ጥፋቱ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በድስቱና በሰዓቱ ላይ ነው።

አትክልቱ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ግማሽ ብስል ነው። ከመቀዝቀዙ በፊት ለአጭር ጊዜ በፈላ ውኃ ወይም በእንፋሎት ያልፋል፤ ይህም ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹትን ኢንዛይሞች ሥራ ለማቆም ነው። ከዚያም ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ የአትክልቱን ሕዋሳት ግድግዳ ይበሳል። በረዶው ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ያ ውኃ በተበሳው በኩል ይፈስና አትክልቱ ከመብሰሉ በፊት ይልፈሰፈሳል። ‹‹ከማታ ጀምሮ አውጥቶ ማቅለጥ›› የሚባለው ልማድ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሳት መግባት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ከውጭ በሚገባው ከረጢት ላይ የታተመው ደቂቃ በአብዛኛው ለዝቅተኛ አገር የተሠላ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን የመፍያው መጠን በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነችው አቃቂ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሆኑም ‹‹ሦስት ደቂቃ›› የሚለው አተር በሦስት ደቂቃ አይደርስም። አብሳዩ ቀምሶ ጥሬ ሲሆንበት ‹‹ትንሽ ይቆይ›› ብሎ አምስትና አሥር ደቂቃ ይጨምራል፤ መላሸቁም እዚህ ይመጣል። ለደቃቁ አትክልት 1 ደቂቃ፣ ለትልልቁ 2 ደቂቃ መጨመር ይበቃል።

ቅቅል

በቅቅል ላይ ትልቁ ስህተት ብዙ አትክልት በአንድ ጊዜ መክተት ነው። በረዶ ለመቅለጥ ብቻ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። 1 ኪሎ የበረዶ አትክልት በፈላ 2 ሊትር ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ የውኃው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። አትክልቱ ታዲያ በቅቅል ፈንታ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በተለመደ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተመልሶ እስኪፈላም 8 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል። በአንጻሩ ግማሽ ኪሎው በ4 ሊትር ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ከ75 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፤ በ4 ደቂቃ ገደማም መልሶ ይፈላል።

ስለሆነም ድስቱ ተከድኖ በደንብ ከፈላ በኋላ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይጨመርና ወዲያው ይከደናል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው አትክልቱ ሲገባ ሳይሆን ውኃው እንደገና ሲፈላ ነው። ከዚያ ወዲህ በአቃቂ ከፍታ ለአተር 3 ደቂቃ፣ ለተደባለቀ ካሮትና አተር 4፣ ለብሮኮሊና ለአበባ ጎመን 4፣ ለፎሶሊያ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ መነሻ ይሆናል። ሰዓቱ ሊሞላ 1 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ፍሬ አውጥቶ መንከስ ነው። መሐሉ ሞቆ ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር ካለ ደርሷል። ወዲያው ተጠልሎ በሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል፤ በድስቱ ውስጥ ተከድኖ ከቆየ ከእሳት ወርዶም መብሰሉን አያቆምም።

በጾም ቀን አልጫ ውስጥ ለሚገባውም ሥርዓቱ ያው ነው። ድንቹና ሽንኩርቱ በስለው ካለቁ በኋላ አትክልቱ በረዶውን እንደያዘ ከላይ ይጨመራል፤ ተመልሶ ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍቶ ማቆየት ይበቃል። ክዳኑ የሚከፈተው ከበረዶው የወጣው ውኃ እንዲተንና ወጡ እንዳይቀጥን ነው።

ማይክሮዌቭ

ለጥቂት ሰሃን የሚሻለው ማይክሮዌቭ ነው። ሆኖም ጨረሩ በፈሳሽ ውኃ ላይ የሚሠራውን ያህል በበረዶ ላይ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ዳርዳሩ ቀድሞ ቀልጦ ሲፈላ መሐሉ በረዶ እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው መሐል ላይ አቁሞ ማማሰል ነው። 250 ግራም አትክልት ከ1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጋር በተከደነ ሳህን ውስጥ በ800 ዋት ለ2 ደቂቃ ይገባል፤ ከተማሰለ በኋላ ሌላ 2 ደቂቃ ይቆያል። ከወጣ በኋላም 1 ደቂቃ እንደተከደነ መተው ሙቀቱን ያዳርሰዋል። ለግማሽ ኪሎ ጊዜው ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይሆናል።

የምድጃ ጥብስ

ጥብስ ከሦስቱ የሚለየው ውኃውን በማስወጣቱ ነው። ምድጃው ባዶ ትሪ እንደያዘ እስከ 220 ዲግሪ ይሞቃል። ግማሽ ኪሎ ብሮኮሊ፣ አበባ ጎመን ወይም ካሮት በዘይት ተለውሶ በጋለው ትሪ ላይ በአንድ ድርብ ብቻ ይዘረጋል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሲጠበስ በ15ኛው ደቂቃ ላይ አንዴ ይገለበጣል። ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀልና ይላሽቃል። ለዚህም ምልክቱ በትሪው ላይ የሚያቁር ውኃ ነው። አተርና ቆስጣ ለዚህ አይሆኑም። ምግብ ቤቱ ሊዘነጋው የማይገባው ነገር ጥብስ ክብደት ይቀንሳል፤ ሰሃን የሚሠላው ከተጠበሰ በኋላ ባለው ሚዛን ነው።

የትኛውም ደቂቃ የማያድነው ዕቃ ደግሞ አለ። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ አትክልት በየትኛውም ዘዴ ይላሽቃል። በውስጡ ትልልቅ በረዶ ይፈጠራል፤ ፍሬዎቹም ተጣብቀው አንድ ጓል ይሆናሉ። ገዢው ከረጢቱን ሲጨብጠው ፍሬዎቹ እንደ ጠጠር ካልተንሸራተቱ አለመግዛቱ ይመረጣል። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋ ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባለመደብሩ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀዝቅዞ ከላይ ሳንቲም ቢያስቀምጥበት፣ እሱ በሌለበት ፍሪዘሩ ቀልጦ ከነበረ ሳንቲሙ ሰምጦ ያገኘዋል።

በጅምላ ከመግዛት በፊት አንድ ከረጢት ከፍቶ መሞከር ብዙ ያተርፋል። በመጀመሪያ ለብቻው የቆመው በረዶ ተራግፎ አትክልቱ ይመዘናል። በ250 ብር ሒሳብ ከ1 ኪሎ ውስጥ 80 ግራሙ በረዶ ከሆነ ገዢው 20 ብር የከፈለው ለውኃ ነው። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎው በ4 ሊትር ውኃ ተቀቅሎ ይቀመሳል። በተጠቀሰው ደቂቃ ደርሶ ቅርጹን ከያዘ ዕቃው ደህና ነው፤ ከላሸቀ ግን ውሉን ከመፈረም በፊት ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይሻላል።